«እንደገና ይታይልኝ» ማለት መምህርን መክሰስ ነው?

ቀለሟ፦ የፋይናል ወረቀቴን አየሁት። ተራ ቁጥር 3 ላይ «ሀ» 4፣ «ለ» 5 ተሰጥቶኛል፤ ሽፋኑ ላይ ግን የተጻፈው 7 ነው። ለመምህሩ ደብዳቤ ልጽፍ ስል የክፍል ተወካያችን «ማመልከቻ መምህርን መክሰስ ነው፤ ተይው» አለኝ። እውነት ነው?

ዋርካ፦ ልክ ብሏል። በጽሑፍ ከመጣሽ ማስረጃ እየሰበሰብሽ ነው ማለት ነው። ቢሮው ሄደሽ በቃል ጠይቂ።

የኖራ አቧራ፦ መክሰስ የሚሆነው በምትጠይቂው ነገር ነው። «ነጥብ ይጨመርልኝ» ካልሽ ፍርዱን ራስሽ ሰጥተሽዋል። «ድምሩ ይታይልኝ» ካልሽ ግን መምህሩ ወረቀቱን ገልጦ በአንድ ደቂቃ የሚያጣራው ነገር ነው። እንዲህ ጻፊ፦

«ጉዳዩ፦ የተራ ቁጥር 3 ድምር እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ
የተከበሩ መምህር፣ በተራ ቁጥር 3 «ሀ» ላይ 4፣ «ለ» ላይ 5 አግኝቻለሁ፤ በሽፋኑ ላይ የተመዘገበው ግን 7 ነው። ሲመችዎ እንዲያዩልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

ከሥር ስምሽ፣ መለያ ቁጥርሽ፣ ሴክሽንሽና ፊርማሽ። ስለ ቤተሰብ ችግር ወይም ስለ ሌላ ተማሪ ውጤት አንድ ቃል አታስገቢ፤ የመደመር ስህተቱ ልመና ውስጥ ይጠፋል።

ጦቢያዊት፦ ግልባጭ ለትምህርት ክፍሉ ካልተደረገ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል!

የኖራ አቧራ፦ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ግልባጭ ካደረግሽ ዋርካ ያለው «መክሰስ» ያኔ እውነት ይሆናል። ሁለት ቅጂ አትሚና አንዱ ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። መልስ ከጠፋ ትምህርት ክፍሉ ጋ የምትሄጂው በዚያ ቅጂ ነው። ብቻ አትዘግዪ፤ ግሬዱ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ ለማስተካከል የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የክፍል ኃላፊውም ፊርማ ያስፈልጋል።

ሚኪ፦ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ውጤቴንም እንዲህ ብጽፍ ያዩልኛል?

ጦቢያዊት፦ አያዩልህም። የመልስ ወረቀቱን የሚያርመው ማሽን ነው፤ ቅሬታህ ለፈተናዎች አገልግሎት ነው የሚቀርበው።

ዋርካ፦ ለ2 ነጥብ ብላ መምህር ታስቀይም? ጠቅላላዋ ስንት ነው?

ቀለሟ፦ 73።

የኖራ አቧራ፦ 75 ስትገባ ከB ወደ B+ ትሻገራለች፤ ከ3.0 ወደ 3.5 ማለት ነው። ኮርሱ 3 ክሬዲት ከሆነ 1.5 ግሬድ ፖይንት ነው። ሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ቢሆን አማካይዋን በ0.08 ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ዋርካ፦ ለ0.08!

ጦቢያዊት፦ 1.95 ላይ ቆሞ 2.00 ለሚፈልግ ተማሪ ይህን ቃል ድገመው።

ዋርካ፦ እሷ 1.95 ላይ አይደለችም። ደግሞ መምህሩ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ እንደገና አርሞ ቢቀንስባትስ?

የኖራ አቧራ፦ ይህ ስጋት ያለው በማብራሪያ ጥያቄ ላይ ነው። «መልሴ ይበቃል» የምትል ከሆነ ሁሉም ይታያል፤ ሊቀንስም ይችላል። እዚህ ግን 4 ሲደመር 5 ነው።

ዋርካ፦ መክሰስ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ደብዳቤው የደረሰው ሰው ነው። አሁንም በቃል ይሁን እላለሁ።

ጦቢያዊት፦ በቃል ተነግሮ የተረሳውን ማን ይመሰክርላታል?