ዋና የይለፍ ቃል ለጠፋበት ሰው ምን ትጠቁማላችሁ?

ጠያቂ፦ የይለፍ ቃሎቼን የማስቀምጥበት የቢትዋርደን ዋና የይለፍ ቃሌ ጠፍቶብኛል። ላፕቶፑ ላይ ከመለያው ወጥቻለሁ፤ ስልኬ ላይ ግን መተግበሪያው እስካሁን በጣት አሻራ ይከፈታል። የተረሳውን ቃል የሚያስመልስ የታመነ ባለሙያ ወይም ሶፍትዌር ካለ ጠቁሙኝ። ወደፊትስ ቢረሳ መመለሻ መንገድ ያለው የትኛው ማስቀመጫ ነው?

ሰማያዊ ቀለም፦ ኪፓስን የሚያህል የለም። የይለፍ ቃሎችዎ ፋይል በእጅዎ ይቆያል፤ ኩባንያ መካከል አይገባም። ለዓመታት ስጠቀምበት አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ታዛቢ፦ መልካም ጥቆማ ነው። የኪፓስ ቃል ሲረሳ ደጅ የሚጠናበት ኩባንያ እንኳ ስለሌለ፣ ባለቤቱ ፋይሉን ታቅፎ ይቀመጣል ማለት ነው።

የማታ ተረኛ፦ ከባለሙያ ነን ባዮች ይጠንቀቁ። እኔ «መቶ በመቶ እንመልሳለን» ለሚል አንድ አገልግሎት ቅድሚያ ክፍያ ከፈልሁ። ኢሜይሌን፣ የቆዩ የይለፍ ቃሎቼንና ወደ ስልኬ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቁኝ። ዋናው ቃል አልተመለሰም፤ ይልቁንም በነገርኳቸው የቆዩ ቃሎች ወደ ሌሎች መለያዎቼ ለመግባት ሙከራ መደረጉን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኝ ጀመር።

ጠጠር፦ ገንዘብዎን አስመለሱ?

የማታ ተረኛ፦ መልስ መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል።

አዲስ ገጽ፦ ጂሜይል ላይ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ቢጫኑ በስልክ ቁጥርዎ በቀላሉ ይመለሳል።

ጠጠር፦ የተጠየቀው ስለ ኢሜይል አይደለም። ቢትዋርደን ግን መልሶ ማግኛ ኮድ አለው፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲያበሩ ያስቀመጡት ከሆነ እሱን ይፈልጉ።

በረኛ፦ ያ ኮድ የሚያነሳው ሁለተኛውን ደረጃ ብቻ ነው፤ ሲጠቀሙበትም ዋናውን ቃል ይጠይቃል። ኩባንያው ቃሉን ስለማያውቀውና የመረጃው መፍቻ ከዚያው ቃል ስለሚገኝ፣ ደንበኛ አገልግሎት ቢለምኑትም የሚሰጠው የለም። መለያውን ሲከፍቱ ፍንጭ ጽፈው ከነበረ ከመግቢያው ገጽ ወደ ኢሜይልዎ ያስልኩት። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ አስቀድመው ሰይመው ከነበረም፣ ራስዎ የወሰኑት የጥበቃ ጊዜ ሲያልፍ አዲስ ዋና ቃል ሊያወጣልዎ ይችላል፤ አሁን ለመሰየም ግን ዘግይቷል።

የእርስዎ ተስፋ ስልኩ ነው። ከመተግበሪያው አይውጡ፣ አያጥፉትም፣ በስልኩም ላይ አዲስ የጣት አሻራ አይመዝግቡ፤ አሻራ ሲጨመር መተግበሪያው የጣት መክፈቻውን ሰርዞ ዋናውን ቃል ሊጠይቅ ይችላል። መረጃውን በአንድ ፋይል ለማውጣት ሲሞክሩም ያንኑ ቃል ይጠይቅዎታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን መዝገብ ከፍተው በእጅ መገልበጥ ይኖርብዎታል። ሌሎቹ መለያዎች የሚታደሱት በኢሜይል ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። በሌላ ኢሜይል አዲስ መለያ ከፍተው ሁሉም መዛወሩን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ አሮጌውን ይሰርዙ፤ አስቀድመው ከሰረዙት የስልኩም ይዘት አብሮ ይሄዳል።

ጠያቂ፦ ቃሉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋኝም። ሦስት ቃላት ከአራት አሃዝ ጋር ነበሩ፤ የረሳሁት አሃዞቹንና የትኛው ቃል በትልቅ ፊደል እንደሚጀምር ነው። ይህ አይረዳም?

በረኛ፦ በስሌት ደረጃ ይረዳል። ለሦስቱ መነሻ ፊደሎች 8 አማራጭ፣ ለአራቱ አሃዞች 10,000 አማራጭ አለ፤ ሲባዙ 80,000 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ሰከንድ ቢወስድ 22 ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው የተመሰጠረው ፋይል በእጅ ሲኖር ነው። በመግቢያው ገጽ ላይ ያንን ያህል ቢሞክሩ ሰርቨሩ ያግድዎታል፤ ላፕቶፑም ከመለያው ሲወጡ ቅጂውን አጥፍቶታል።

ሰማያዊ ቀለም፦ ኪፓስ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ እዚያው ይገኝ ነበር።

በረኛ፦ በዚህ እውነትዎን ነው፤ የሚጠቅመው ግን አብዛኛውን ለሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ዋንፓስወርድ ከ2024 ጀምሮ አስቀድሞ የሚወጣ የመመለሻ ኮድ አለው፤ በቤተሰብ ዕቅዱም አደራጁ ለሌላው አባል መለያውን ሊያስመልስለት ይችላል። ኮዱ ግን ከማስቀመጫው ውጭ፣ በወረቀት ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም።

ታዛቢ፦ ኮዱ የተቀመጠበት ቦታ እንዳይረሳ ደግሞ ሌላ ማስቀመጫ ይጠቁሙን።

ጠጠር፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁልፍ ሰሌዳው ወደ ሌላ ቋንቋ ዞሮ እንዳይሆን፣ የሚጽፉት እንዲታይ አድርገው አንድ ጊዜ ይሞክሩ።

ጠያቂ፦ ቋንቋውን አይቻለሁ፣ ትክክል ነው። ኢሜይሉን ገልብጬ ጨርሻለሁ። አንዳንዶቹ መዝገቦች ግን በይለፍ ቃል ፋንታ ፓስኪ ነው የሚያሳዩት፤ እሱ እንዴት ይገለበጣል?

በረኛ፦ በእጅ አይገለበጥም። ስልኩ እየከፈተልዎ ሳለ በፓስኪው ወደ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ይግቡና በአዲሱ ማስቀመጫ ላይ አዲስ ይፍጠሩ።