ጥቆማ፦ ኪሎሜትሩ የተመለሰ መኪና የሚለይ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ማን አለ?

ሰባታሚት
ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ አንድ ያሪስ ልገዛ ቀጠሮ ይዣለሁ። እንደ ፈረንጆቹ የ2006 ስሪት ነው፣ ማንዋል፣ ኮድ 2። ቆጣሪው 71 ሺህ ይላል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ግን የወንበር ልብሱ አዲስ፣ መሪው ላይ የተሰፋው ቆዳ አዲስ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ላስቲኮቹም አዲስ ሆኑብኝ። ልቤ ጠረጠረ። ኮምፒውተር የሚያነብ ጋራዥ ወስጄ ላስነብበው ወይስ በዓይኑ የሚያይ መካኒክ ይዤ ልሂድ? ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?

የጣና ነፋስ
ወንድሜ አትድከም፣ የእኔን መካኒክ ያዝ። ዲፖው አካባቢ ዛፍ ሥር ነው የሚሠራው። አሥራ ሁለት ዓመት መኪናዬን ከእሱ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ሞተሩን ሰምቶ ብቻ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ ይነግርሃል። ስልኩን በውስጥ እልክልሃለሁ።

ባለ ሦስት እግር
የእኔም ቆጣሪ ሥራ አቁሟል። ባጃጅ ነው። ቀበሌ 14 አካባቢ ገመዱን የሚቀይር የምታውቁ አላችሁ?

ሽሙጥ አልወድም
ሞተር ሰምቶ ኪሎሜትር የሚናገር ሰው ካለ እባክህ የሎተሪ ቁጥርም ጠይቅልን።

የጣና ነፋስ
አትሳቅ። የጎረቤቴን ኮሮላ ሰምቶ «ሁለት መቶ ሺህ አልፏል» አለ፣ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ሽሙጥ አልወድም
እዚህ አገር ያለ ኮሮላ ሁሉ ሁለት መቶ ሺህ አልፏል። እኔም ሳልሰማው እነግርሃለሁ።

ዘይት በእጄ
ሰባታሚት፣ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። መካኒክ ከመጥራትህ በፊት ራስህ የምታየው ነገር አለ።

የፔዳል ላስቲክ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል። ስለዚህ አዲስ ላስቲክ ምንም አያረጋግጥልህም፣ ግን ጥያቄ ይፈጥራል። በእውነት 71 ሺህ የሄደ መኪና የፋብሪካው ላስቲክ ላይ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ አሁንም ይታያሉ። ታዲያ ለምን ተቀየረ? ሻጩን ሳትከስ ጠይቀው። ከዚያ ጎንበስ በልና ነዳጅ መስጫውን እየው። በብዙ መኪና እሱ ወጥ ፕላስቲክ ስለሆነ ላስቲክ የለውም፣ ሰውም መቀየሩን አያስታውስም። ፍሬንና ፍሪሲዮኑ አዲስ ሆነው ነዳጅ መስጫው እንደ ድንጋይ ልሙጥ ከሆነ ሦስቱ አንድ ዕድሜ የላቸውም። ተረከዝ የሚያርፍበትን ምንጣፍም ተደራቢውን አንስተህ እየው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሹፌር ተረከዙ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚውለው። ምንጣፉ ቀድሞ ሳስቶ ወይም ተበስቶ ታገኘዋለህ።

መሪው ላይ የተሰፋውን ቆዳ አውልቁልኝ ብትል እሺ የሚልህ ላይኖር ይችላል። እንግዲያው እጅህን በመሪው መሐል በኩል አስገባና የቆዳው ስፌት ክፍት ከሆነበት ቦታ የውስጡን ዳስስ። ከላይ ግራና ቀኝ፣ እጅ የሚይዝበትን ቦታ፣ ከታች ማንም ከማይይዘው ቦታ ጋር አወዳድር። ታቹ ሻካራ ሆኖ ላዩ እንደ መስታወት ከሆነ ብዙ እጅ አልፎበታል። መሪን ከሌላ መኪና መሪ ጋር አታወዳድር። ከራሱ ጋር ነው የሚወዳደረው።

ወንበሩን ደግሞ በጡጫህ ተጫነው። በር በኩል ያለውን ጠርዝ ነው የምልህ። ሹፌር ሲወጣና ሲገባ ቂጡን የሚጎትተው በዚያ ላይ ስለሆነ ስፖንጁ ቀድሞ የሚሞተው እዚያ ነው። ከዚያ የተሳፋሪውን ወንበር ተመሳሳይ ጠርዝ ተጫን። አዲስ ልብስ ስፖንጅን አያስነሣም።

አውራ ጎዳና
ዘይት በእጄ ልክ ነው። ከ100 ሺህ በታች ፔዳል አያልቅም። ያለቀ ፔዳል ካየህ ተጭበርብሯል፣ አለቀ። ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ዘይት በእጄ
እንደዚያ አላልኩም። ፔዳል ኪሎሜትር አይቆጥርም፣ እግር ነው የሚቆጥረው። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ከሆነ በ40 ሺህም ፍሪሲዮኑ ልሙጥ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ሲረገጥ ነው የሚውለው። ዕቃ የሚያደርስ መኪና ወንበሩ ቶሎ ይሞታል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣበታል ይገባበታል። በተቃራኒው አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና በአንድ ጉዞ ከአምስት መቶ ኪሎሜትር በላይ ሄዶ ሹፌሩ ከወንበሩ የወረደው ለምሳና ለሻይ ነው። የእሱ ወንበር ካለው ኪሎሜትር ያነሰ ያስመስለዋል። ስለዚህ ድካሙ ሥራውን ይነግርሃል። ኪሎሜትሩን ትክክል አድርጎ አይነግርህም።

ከሃሙሲት
ስለ ኮምፒውተር ጋራዥ ጠይቀሃል፣ እኔ ልንገርህ። ስሙን አልጠራም፣ ችግር አልፈልግም። ባለፈው ዓመት መኪና ስገዛ አንድ ጋራዥ አስነበብኩ። ልጁ ገመድ ሰክቶ አምስት ደቂቃ አየና «96 ሺህ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። ከፈልኩት። ስድስት ወር ቆይቼ የወንበር ልብስ ላስቀይር ስል ወንበሩ ሥር አሮጌ የዘይት መቀየሪያ ካርድ ወደቀ። በእስክርቢቶ «214,000» ተጽፎበታል። ሚስቴ ናት ያነሣችው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ኮከብ ሆቴል ጀርባ
ወይኔ! ከሻጩ ጋር ምን ሆናችሁ?

ከሃሙሲት
ስልኩን አያነሳም። ደላላው ደግሞ «እኔ መኪናውን ነው ያሳየሁህ፣ ቆጣሪውን አላዞርኩም» አለኝ።

ሽሙጥ አልወድም
ደላላው ቢያንስ ፍልስፍና አለው።

ቀበሌ 11
የትኛው ጋራዥ እንደሆነ ንገረን እንጂ! ሌላ ሰውም ይበላል እኮ።

ከሃሙሲት
አልናገርም አልኩ። ልጁም ሌባ አይመስለኝም። አያውቅም።

ቁልፍ 10
ከሃሙሲት፣ ምናልባት ልጁ አልዋሸህም። ማሽኑ ዳሽቦርዱን ጠየቀው፣ ዳሽቦርዱ የተጻፈበትን መለሰ። እኔ ማሽን ነው የምሠራው። በእነዚህ መኪኖች ቁጥሩ የሚቀመጠው በአብዛኛው ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። ሰውየው ቺፑን ካስተካከለ እኔም ያስተካከለውን ነው የማነበው። ስለዚህ «ኮምፒውተር 71 ሺህ አለ» ማለት «ዳሽቦርዱ 71 ሺህ አለ» ማለት ነው። አዲስ ነገር የለውም።

ግን አንድ ነገር ጠይቁ። ማሽኑ ሞተሩን ሲያነብ `Distance since codes cleared` የሚል መስመር አለ፣ መኪናው የሚሰጥ ከሆነ። የብልሽት ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ መኪናው የሄደው ርቀት ነው። እስከ 65,535 ኪሎሜትር ድረስ ነው የሚቆጥረው። ይህን ከቆጣሪው ጋር አወዳድሩ። ቆጣሪው 41 ሺህ ብሎ ይኼ 57 ሺህ ካለ አለቀ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ግን ትንሽ ቁጥር ከመጣ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ኮድ የሚያጠፋ ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል፣ አንዳንድ መኪና ደግሞ ባትሪ ሲነቀል ብቻ ያጠፋዋል።

የጣና ነፋስ
ይኸው! ለዚህ ነው ማሽን አያስፈልግም ያልኩት።

ቁልፍ 10
እኔ ይህን አላልኩም።

ሰባታሚት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ከሻጩ ጋር ስናወራ ሁለተኛ ባለቤት እንደሆነ ነገረኝ። መኪናውን ይዞት አምስት ዓመት ሆኖታል። ቤተሰቡ ጎንደር ስለሆነ «በየሳምንቱ እሄድበት ነበር፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አላቆመኝም» አለ። የሞተሩን ጥንካሬ ሊነግረኝ ፈልጎ ነው።

ዘይት በእጄ
ሰባታሚት፣ ሰውየው ራሱ አንደበቱን ሰጠህ። ወረቀት አውጣ።

ከዚህ ጎንደር 180 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 360። በየሳምንቱ ቢል እንኳ እንቀንስለት፣ ታሟል፣ መንገድም ይዘጋል፣ በዓመት አርባ ጊዜ ብቻ ሄደ እንበል። 14,400 ይሆናል። አምስት ዓመት ሲሆን 72,000። ቆጣሪው ስንት ይላል? 71 ሺህ። የጎንደሩ ጉዞ ብቻ ቆጣሪውን አልፎታል። ቢሮ የሄደበት የለም፣ ገበያ የለም፣ መጀመሪያው ባለቤት የነዳበት የለም። ማለትም መኪናው ለእሱ ከመሸጡ በፊት ቆሞ ነበር ማለት ነው፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ።

ቁጥሩን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ግን አትረታውም። 71 ሺህን ለአሥራ ስምንት ዓመት ብታካፍለው በዓመት አራት ሺህ ገደማ፣ በቀን አሥራ አንድ ኪሎሜትር ይመጣል። ከቀበሌ 14 ቢሮ እየተመላለሰ የሚውል ሰው ይህን በቀላሉ ያምናል። ጉዱን ያወጣው የጎንደሩ ወሬ ነው።

ኮከብ ሆቴል ጀርባ
ምናልባት አንዳንዴ በአውቶቡስ ሄዶ ይሆናል እኮ። ሰው ሲሸጥ ያጋንናል።

ዘይት በእጄ
ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ዋጋው ከመግባትህ በፊት ወሬውን ድገምለት። «በዓመት ስንት ጊዜ ሄድክ?» ብለህ በገርነት ጠይቀው። ከዚያ በሩን ከፍተህ የወንበሩን ጠርዝ ተጫን። ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ጎትተው። የሹፌሩ ቀበቶ ጠርዙ ጸጉር አውጥቶ፣ ሲለቁት እየዘገየ የሚመለስ ከሆነ ብዙ ተጎትቷል። ቀበቶ የሚቀይር ሰው እስካሁን አላየሁም።

አውራ ጎዳና
እኔ የምለው፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ወርቅ ሆኗል። ኪሎሜትር መመለስ ምን ያስደንቃል? ሁሉም ተመልሷል። ዋጋውን ተከራከርና ግዛ።

ቀበሌ 11
እንዲህ ብላችሁ ነው የምታበላሹት። ለመቶ ሺህና ለሁለት መቶ ሺህ መኪና አንድ ዋጋ ይከፈላል?

አውራ ጎዳና
ሞተሩ ጥሩ ከሆነ አዎ። 200 ሺህ ሄዶ በወቅቱ ዘይት የተቀየረለት ከ70 ሺህ ችላ የተባለ ይሻላል።

ዘይት በእጄ
ይህኛው እውነት ነው። ግን ዘይት በወቅቱ መቀየሩን የሚያሳይ ካርድ ያለው ሰው ቆጣሪ አይመልስም።

ከሃሙሲት
የእኔን ካርድ ፎቶ ላስቀምጥ? ሁልጊዜ ሳየው ደሜ ይፈላል።

የጣና ነፋስ
ሰባታሚት፣ የመካኒኩን ስልክ ልኬልሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነጻ ነው። ለቡና ብቻ ነው የሚያስከፍለው።

ሽሙጥ አልወድም
ሞተሩን ሲሰማ እኔንም ጥሩኝ፣ ልመለከት ነው።

ቁልፍ 10
እኔ ጋ ከመጣ ደግሞ ሞተሩንም ኤቢኤሱንም አነብለታለሁ። ኤቢኤሱ የራሱን ኪሎሜትር የያዘ መኪና ከሆነ እናወዳድራለን። ያሪሱ መስጠቱን ግን ሳላየው ቃል አልገባም።

ኮከብ ሆቴል ጀርባ
ሰባታሚት፣ ሰኞ ነው ዛሬ። ምን ሆነ?

ቀበሌ 11
ሰባታሚት?

ባለ ሦስት እግር
የቆጣሪ ገመዱን ከድልድዩ ማዶ አገኘሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ካቆመበት ቀጥሏል።