ቅልጥሜ ተጎድቶ ሩጫ ተከልክያለሁ፤ ውሃና ሳይክል እንዴት ልሥራ?

ሜሮን፦ ሰላም ለሁላችሁ። 31 ዓመቴ ነው፣ የምሮጠው አዲስ አበባ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር በ52 ደቂቃ እገባለሁ። የግራ ቅልጥሜን አንድ ቦታ ላይ ሲያመኝ ቆይቶ ኤምአርአይ ተነሳሁ። አጥንቱ በጫና መጎዳት ጀምሯል፣ ገና አልተሰነጠቀም ተባልኩ። ሐኪሜ 6 ሳምንት እንዳልሮጥ ነገረኝ። ስራመድ አያመኝም። ውሃ ውስጥ መሮጥና ሳይክል ፈቅዶልኛል፣ አሠራሩን ግን አላሳየኝም። ሁለት ቀን ገንዳ ገባሁ፤ የልብ ምቴ ከ125 አልወጣም፣ የሠራሁም አልመሰለኝ። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ፤ 10 ሳምንት ይቀረኛል።

ብሩክ፦ አይዞሽ ሜሪ። 125 ማለት ተዝናንተሽ ወጣሽ ማለት ነው። ስትሮጪ 155 የምትይዢ ከሆነ ውሃ ውስጥም 155 እስክታዪ ግፊ። የመንሳፈፊያ ቀበቶውንም አውልቂው፣ ያለ ቀበቶ ነው ልብ የሚሠራው። እኔ ቁርጭምጭሚቴ የዞረ ጊዜ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

አሰልጣኝ ደረጀ፦ ብሩክ፣ መግፋት አለባት ያልከው ልክ ነው። ቁጥሩ ላይ ግን አልስማማም።

ሜሮን፣ እስከ አንገትሽ ውሃ ውስጥ ስትገቢ ውሃው እግርሽንና ሆድሽን ይጫናል፣ ደሙን ወደ ደረትሽ ይገፋዋል። ልብሽ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። ውሃው ሰውነትሽንም ያቀዘቅዛል። ስለዚህ በተመሳሳይ ድካም የልብ ምትሽ መሬት ላይ ከሚሆነው ከ10 እስከ 15 ያህል ዝቅ ይላል። 155ን ካሳደድሽ በየቀኑ ውድድር እንደሮጥሽ ይቆጠራል። የእጅ ሰዓት ደግሞ ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በትንፋሽሽ ለኪው። ቀላል ልምምድ ሲሆን እንደ ልብ ታወሪያለሽ፤ ጠንካራ ሲሆን ሦስት አራት ቃል ብቻ ይወጣሻል።

ይህም ሆኖ 125 ትንሽ አነሰብኝ። አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?

ሜሮን፦ 25 ሜትር ነው፣ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እንዲያውም ፈጣን ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሰልጣኝ ደረጀ፦ በይ ችግሩ እዚያ ጋ ነው። ውሃ ውስጥ በደንብ የሚሮጥ ሰው ከቦታው ብዙ አይርቅም። አንቺ በደረትሽ ተደፍተሽ በእጅሽ እየቀዘፍሽ ነው፤ ግማሽ ዋና ማለት ነው።

ቀጥ በይ። መላ ሰውነትሽ በጥቂቱ ወደፊት ያዘንብል፣ ወገብሽ ግን አይታጠፍ። ጉልበትሽን አንሺ፣ ከዚያ እግርሽን ከዳሌሽ ጀምረሽ ወደ ታችና ወደ ኋላ ግፊው። ብዙ ሰው ይህን የኋላውን ግፊት ይረሳና ፔዳል እንደሚመታ ከፊቱ ብቻ ያዞራል። ክርንሽ ይታጠፍ፣ እጅሽ ላላ ያለ ጭብጥ ይሁን። መዳፍሽን ከዘረጋሽ እጅሽ የእግርሽን ሥራ ይሠራል። ቀበቶውን ለጊዜው አታውልቂ። ያለ ቀበቶ ልብ የሚመታው ላለመስጠም በሚደረግ መንፈራገጥ ነው፣ አሯሯጡም ይበላሻል። የእግርሽ ጣት ወለሉን መንካት የለበትም። አብዛኛው የሆቴል ገንዳ ጥልቅ አይደለምና ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።

እትዬ አልማዝ፦ ልጄ፣ እኔም ጉልበቴን አሞኝ ፊዚዮዬ ውሃ ውስጥ ተራመጂ ብሎኝ በጣም ተሽሎኛል። እስከ ወገብ በሚደርስ ሞቅ ባለ ውሃ ነው። አንቺም ጥልቁ ውስጥ ከምትደክሚ እንደዚያ ብታደርጊ ይሻልሻል። ለመገጣጠሚያ ፍቱን ነው።

አሰልጣኝ ደረጀ፦ እትዬ አልማዝ፣ እንኳን ተሻለዎት። ለእርስዎ ጉልበት ልክ ነው። የሜሮን ግን አጥንት ነው። ወገብ ድረስ ባለ ውሃ የክብደታችን ግማሽ ያህሉ አሁንም እግር ላይ ያርፋል፤ በዚያ ላይ ከተሮጠ እግሯ በየእርምጃው ወለሉን ይመታል። እሷ ምንም ምት አያስፈልጋትም። በሙቅ ውሃ ጠንካራ ልምምድ መሥራትም ቶሎ ያዝላል።

ሜሮን፣ ሩጫሽን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ተኪው። 45 ደቂቃ ትሮጪ ከነበረ 45 ደቂቃ ውሃ ግቢ። በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ፣ ሁለት ቀን ሳይክል ይበቃሻል። ከውሃው ቀናት ሁለቱ ኢንተርቫል ይሁኑ፣ አለዚያ ልብሽ አይነካም። 10 ደቂቃ ቀስ ብለሽ አሟሙቂ፤ ከዚያ 1 ደቂቃ ጠንክረሽ 30 ሰከንድ ቀስ በይ፣ 10 ጊዜ። በሁለተኛው ሳምንት 12 ጊዜ፣ በሦስተኛው 3 ደቂቃ በ1 ደቂቃ እረፍት 6 ጊዜ አድርጊው። ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ቶሎ ስለሚመለስ እረፍቱን አታስረዝሚ። በዚህ መንገድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቅማቸውን ይዘው የቆዩ ሯጮች በጥናትም ታይተዋል።

ዮናስ (ስልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ የዚሁ አጥንት ጉዳት ነበረብኝ፣ 7 ሳምንት ውሃ ውስጥ ሮጫለሁ። አቅሜ ንክች አላለም። የጎዳኝም እሱ ነው። ሩጫ በተፈቀደልኝ በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሼ ቀላል ሲሆንልኝ ጊዜ ያለ እረፍት 8 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። በ12ኛው ቀን ሕመሙ እዚያው ቦታ ላይ ተመለሰና ሌላ 5 ሳምንት አረፍኩ። ልብ በውሃ ይሠለጥናል፤ አጥንትና ባት ግን 7 ሳምንት ሙሉ መሬት አልነኩም። ስትመለሺ ትንፋሽሽን አትስሚ፣ ቅልጥምሽን ስሚ።

ሳይክል ላይ ደግሞ ከደረጀ ትንሽ እለያለሁ። የእኔ ፊዚዮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ውሃ ብቻ ነው የፈቀደልኝ።

አሰልጣኝ ደረጀ፦ ይህ ሰው በሰው ይለያያል። ሳትታመም የምትራመድን ሰው ተቀምጣ ቀላል ማርሽ እንዳትነዳ አልከለክልም፤ ሐኪሟም ፈቅዷል። ግን የጂም ሳይክል ይሁን፣ ከመቀመጫው አትነሺ፣ ከባድ ማርሽ አታስገቢ። በደቂቃ 85 ወይም 90 ዙር ያዢ። ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ ስታደርጊ ታች ሲደርስ እግርሽ ልክ ቀጥ ካለ የመቀመጫው ከፍታ ትክክል ነው። ነድተሽ ስትጨርሺና በማግስቱ ጠዋት ያንን ቦታ በጣትሽ ተጫኚው። ከትናንቱ ይበልጥ ካመመሽ ሳይክሉ ይቅር።

ፀደይ፦ ነርስ ነኝ። ሜሮንዬ፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የወር አበባሽ ይቀራል ወይ ይዛባል? ሩጫ አቆምኩ ብለሽስ ምግብ ቀንሰሻል? በቂ የማይበላ ሰው አጥንቱ ቶሎ አይጠግንም። አዎ ከሆነ መልስሽ ለሐኪምሽ ንገሪው።

ሜሮን፦ ፀደይ፣ ሁለት ወር ቀርቶብኝ ነበር። ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ አላሰብኩም። ሰኞ እነግረዋለሁ።

ኮች፣ ዛሬ ቀጥ ብዬ ሞከርኩት። 25 ሜትሩ ከሁለት ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ። ሰባተኛዋ ደቂቃ ላይ ማውራት አቃተኝ፤ ሰዓቴ 141 ይላል። ቅልጥሜን ስጫነው ከትናንት አልባሰም። ታላቁ ሩጫስ?

አሰልጣኝ ደረጀ፦ እንደዚያ ነው። ሩጫ ስትጀምሪ 4 ሳምንት ብቻ ይቀርሻል። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ያለ ሕመም፤ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልሽ 1 ደቂቃ ሩጫ 4 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ 2 በ3። በዚህ ስሌት ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን እየሮጥሽ እየተራመድሽ ልትጨርሺው ትችያለሽ። 52 ደቂቃን ግን እርሺው።

ዮናስ (ስልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ ብሆን ዘንድሮ እተወዋለሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብና ሙዚቃ መሀል ማን ይራመዳል?

ሜሮን፦ ቲሸርቱን ከወሰድኩ እንደማልራመድ እኔም አውቀዋለሁ። 6ኛው ሳምንት ይለቅና ሐኪሜ ካየኝ በኋላ እወስናለሁ። ነገ ሳይክል ነው።