«ማሽከርከርን ማስወገድ ይኖርብዎታል»፦ ይህን ዓረፍተ ነገር እንዴት ላቃናው?

ሳምራዊት (ጠያቂ)
ከመድኃኒት ጋር የሚታሸግ ማብራሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«በዚህ መድኃኒት በመታከም ላይ እያሉ የማዞር ወይም የራስ ምታት ስሜት የሚሰማዎት ከሆነ መኪና ማሽከርከርን ወይም ማሽኖችን ማንቀሳቀስን ማስወገድ ይኖርብዎታል፣ የእርስዎ ሐኪም ችግር እንደሌለው እስካልነገረዎት ድረስ፣ ምክንያቱም እነዚህ ምልክቶች በመድኃኒቱ የተከሰቱ ሊሆኑ ይችላሉ።»

ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ ሳነበው ግን ይጎረብጠኛል። ትርጉሙ ሳይጎድል እንዴት ይቃና?

በረከት
ጥፋቱ ተደራጊው ግስ ነው። «በመድኃኒቱ የተከሰቱ» የሚል አማርኛ የለም፤ አማርኛ ተደራጊ አይወድም። ከዚያ ደግሞ ረዝሟል። ነጠላ ሰረዝ ባለበት ሁሉ በአራት ነጥብ ቁረጪውና ያልቃል፦

«በዚህ መድኃኒት በመታከም ላይ እያሉ ማዞር ወይም ራስ ምታት ሊሰማዎት ይችላል። ማሽከርከርን ያስወግዱ። ሐኪምዎ ችግር የለውም ካለ ይችላሉ። ምልክቶቹን ያመጣው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።»

ደስታ
በረከት፣ መቁረጡ ልክ ነው፤ የቆረጥክበት ቦታ ግን ትርጉሙን ይዞት ሄደ። «ከሆነ» የሚለው ስለጠፋ አሁን ምንም ያልተሰማው ሰውም እንዳይነዳ ተከልክሏል። ተደራጊውንም በከንቱ አትክሰሰው። «በሩ ተዘግቷል»፣ «መንገዱ ተከፈተ» ስንል ማንም አይጎረብጠውም። የሚጎረብጠው አድራጊው በ«በ» ተንጠልጥሎ ሲገባ ነው፤ «መድኃኒቱ በሐኪሙ ታዘዘ» እንደሚባለው። አድራጊው ከታወቀ «ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት» ብሎ ባለቤት ማድረግ ነው።

ሳምራዊት፣ ያንቺን ዓረፍተ ነገር የሚያንገጫግጨው ሌላ ነው። «ማሽከርከርን»፣ «ማንቀሳቀስን»፣ «ማስወገድ» የሚሉትን ተመልከቻቸው። ሦስት በ«ማ» የሚጀምሩ የግስ ስሞች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፣ ሁለቱ ደግሞ «ን» ይዘዋል። እንዲህ ሲደረደሩ ብዙ ጊዜ ዋናው ግስ ተደብቋል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው «ይኖርብዎታል» ምን እንደሚደረግ አይናገርም፤ ግዴታ መኖሩን ብቻ ነው የሚናገረው። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው «አይንዱ» የሚለውን ነው። እንግሊዝኛው «ከእንዲህ ያለ ነገር ራስን መጠበቅ» የሚል ግስ ስላለው መዝገበ ቃላት «ማስወገድ» ብሎ ይሰጥሻል። በአማርኛ የሚወገደው ግን ቆሻሻ ወይም እክል ነው፤ አንድ ድርጊት እንዳይደረግ ስንፈልግ ግሱን ራሱን በአሉታ እናዛለን። «መኪና አይንዱ» አለቀ።

ሁለተኛው «የማዞር ስሜት የሚሰማዎት ከሆነ» ነው። ስሜትም ይሰማዎታልም አንድ ሥር ናቸው፤ ያንኑ ሁለቴ ብለሽዋል። ከሁሉም በላይ ግን አማርኛ ለሕመም የራሱ አሠራር አለው፦ ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ፣ አስመለሰኝ፣ በረደኝ። ሕመሙ ያደርጋል፣ ሰውየው ይደረግበታል፤ ሰውየው ግሱ ላይ በተቀጥላ ይገባል። ስለዚህ «ራስዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ»። ሰባት ቃል የፈጀው በአራት አለቀ፤ ያውም ማንም ሰው ቤቱ በሚናገርበት መንገድ።

ሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። በእንግሊዝኛ ዋናው ሐሳብ ቀድሞ ገደቡና ምክንያቱ በኋላ ሊንጠለጠሉ ይችላሉ። በአማርኛ ግሱ ከተነገረ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ተዘግቷል። ከ«ይኖርብዎታል» በኋላ «እስካልነገረዎት ድረስ» ሲመጣ አንባቢው በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ እንደመጥራት ነው። ገደቡ ከግሱ በፊት መግባት አለበት።

ሳምራዊት
ገባኝ። እንዲህ ሞከርኩ፦ «ይህን መድኃኒት በሚወስዱበት ጊዜ ራስዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ፣ በመድኃኒቱ ምክንያት የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪምዎ ችግር የለውም እስኪልዎ ድረስ፣ መኪና አይንዱ ወይም ማሽን አያንቀሳቅሱ።»

ይሻላል፣ ግን አሁንም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ደስታ
ትንፋሽ ያሳጠረው ከግሱ በፊት አራት ነገር ስለደረደርሽ ነው፦ መቼ፣ ቢሆን፣ ስለምን፣ እስከ መቼ። አንባቢው አራቱንም በእጁ ይዞ ግሱን ይጠብቃል። ሁለቱን ብቻ አቆዪ፦ ቢሆንና እስከ መቼ። ከአራቱ ወጥቶ ራሱን ችሎ መቆም የሚችለው ምክንያቱ ነው፤ እሱን አውጥተሽ ፊት አድርጊው። ፊት ሲሆን «ምክንያቱም» የሚለው ቃልም አያስፈልግም፤ አንባቢው ሁለቱን ራሱ ያያይዛቸዋል፦

«ይህ መድኃኒት ራስ ምታት ወይም ማዞር ሊያመጣ ይችላል። ራስዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ፣ ሐኪምዎ እስኪፈቅዱልዎ ድረስ መኪና አይንዱ፤ ማሽንም አያንቀሳቅሱ።»

ጥቃቅኖቹን ልጨምር። «ማሽኖችን» ወደ «ማሽን» የወረደው በጥቅሉ ስንናገር ነጠላው ስለሚበቃ ነው። «የእርስዎ ሐኪም» ወደ «ሐኪምዎ» አጠረ፤ «የእርስዎ» ተነጥሎ የሚጻፈው የሌላ ሰው አይደለም፣ የእርስዎ ነው ብሎ ማጉላት ሲፈለግ ነው። «አይንዱ ወይም አያንቀሳቅሱ» ያልሽው ደግሞ ተጠንቀቂው፤ በአማርኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መተው ይበቃል ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሁለቱም ከተከለከሉ «ም» ትሻላለች። በማብራሪያው ሌላ ቦታ የሚመጣውን «መውሰድ» ደግሞ ወደ «መዋጥ» አትቀይሪው። መዋጥ ለክኒን ያምራል፣ ለሽሮፕና ለመርፌ ግን አይሆንም። ማብራሪያው ለሁሉም ዓይነት የሚሠራ ከሆነ «መውሰድ» ይቆይ።

አንዴ በፊት ላይ «ራስ ምታት»፣ ቀጥሎ «ራስዎን ካመመዎ» መሆኑ ሆን ተብሎ ነው። «ሊያመጣ ይችላል» ስሙን ይፈልጋል፤ «ከ» ግን ግሱን።

አቤል
መድኃኒት በ«ኃ» ነው፣ ሐኪም በ«ሐ»። ጥያቄው ላይ በትክክል ተጽፏል፤ እስከ መጨረሻው እንዲያው ይሁን። የፊደል ስህተት አላየሁም።

ናሆም
የኔ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ስልክ መተግበሪያ ነው፣ ግን አንድ ዓይነት በሽታ ይመስለኛል። አንድ ቁልፍ ሲነካ የሚወጣው ጥያቄ «ይህን ፋይል ለማጥፋት እንደሚፈልጉ እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ብሎኛል፣ ለጆሮም አይጥምም። ምን ላድርገው?

ደስታ
አንድ ዓይነት ነው። እርግጠኛ መሆኑን ሳይሆን ማጥፋቱን ጠይቀው፦ «ፋይሉ ይጥፋ?» ከታች ያሉት ቁልፎች «አዎ» እና «አይ» ሳይሆኑ «ይጥፋ» እና «ይቆይ» ቢሆኑ ደግሞ ጥያቄውን ያላነበበም አይሳሳትም። ፍለጋው ባዶ ሲሆን «ምንም ውጤቶች አልተገኙም» የሚል ካለህ እሱንም «የተገኘ የለም» በለው።

ሕይወት
ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። የደስታ አማርኛ ይፈሳል፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ትርጉሙ እንደተነካ ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ዋናው የሚለው «የታየብዎ ነገር ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል» ነው። አዲሱ የሚለው «መድኃኒቱ ይህን ሊያመጣ ይችላል» ነው። የመጀመሪያው ስለዚህ በሽተኛ ነው፣ ሁለተኛው ስለ መድኃኒቱ ጠባይ። ለማስጠንቀቂያ ልዩነቱ አይጎዳም ብዬ አስባለሁ፤ ግን ደንበኛው ቃል በቃል የሚመረምር ከሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ይከብዳል። «እስኪፈቅዱልዎ ድረስ» ሲባል አንድ ቀን እንደሚፈቅዱ ተወስዷል። ዋናው እንደዚያ አይልም፤ ሐኪሙ ላይፈቅድም ይችላል። ስለዚህ «ሐኪምዎ ካልፈቀዱልዎ በስተቀር» መሆን አለበት።

ደስታ
የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን አልቀበልም። «ካልፈቀዱልዎ በስተቀር አይንዱ» ላይ «ካል» አንድ አሉታ፣ «አይንዱ» ሌላ አሉታ፣ መሐል «በስተቀር» አለ። ራሱን እያዞረው ለሚያነብ ሰው ሦስት መታጠፊያ ነው። ሰውን አስነብበሽ «ታዲያ መንዳት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ብትዪው ቆም ብሎ ያስባል። «እስኪፈቅዱልዎ ድረስ አይንዱ» ሲባል ግን አሁን መንዳት እንደሌለበት ወዲያው ያውቃል።

ሕይወት
እንግዲያው «ሐኪምዎን ሳያስፈቅዱ መኪና አይንዱ» ይባል። ይፈቀዳል ብሎ ተስፋ አይሰጥም፣ መታጠፊያም የለውም።

ደስታ
አማርኛው ግሩም ነው። ግን «ሳያስፈቅዱ» ሸክሙን ወደ በሽተኛው ያዞራል፤ ጠይቆ መልስ ያላገኘም አስፈቅጃለሁ ሊል ይችላል። እኔ በ«እስኪፈቅዱልዎ» እቆያለሁ።

በረከት
አንድ ነገር ልጠይቅ። ለምን «እርስዎ»? ወጣት ለሚያነበው ነገር «አንተ» አይቀርብም?

ሕይወት
ይቀርባል፣ ግን «አትንዳ» ካልን «አትንጂ» ማለት ሊኖርብን ነው። «አይንዱ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ «አንተ/አንቺ» እያሉ በሕዝባር መክፈል ይቀራል። ሐኪሙንም በአክብሮት «እስኪፈቅዱልዎ» ያልነው በዚያው ምክንያት ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም። «ካመመዎ» እና «ካመመዎት» ሁለቱም ይጻፋሉ። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው፤ ሳምራዊት መጀመሪያ ላይ «እስካልነገረዎት» ብለሽ በኋላ «እስኪልዎ» ብለሻል።

ሳምራዊት
አይቼዋለሁ፣ በ«ዎ» አደርገዋለሁ። ሁለቱንም፣ «እስኪፈቅዱልዎ»ንና «ሳያስፈቅዱ»ን፣ ዋናውን ላላዩ ሰዎች አንብቤ ምን እንደገባቸው ልጠይቅ።

ደስታ
ስታስነብቢ «ገባህ?» አትበዪ፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚልሽ። ወረቀቱን ወስደሽ አራት ነገር ጠይቂ፦ ምን አታድርግ ተባልክ? መቼ? እስከ መቼ? ለምን? ሦስተኛው ላይ ከተደናቀፉ ሕይወት ትረታኛለች። ድምፅ አውጥተው ሲያነቡም አድምጪ፤ ከነጠላ ሰረዙ ውጪ የሚቆሙበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ገና የሚቃና ነገር አለ።