የግማሽ ሉል ሴንትሮይድ፦ እኔ 2.55 አገኘሁ፣ መልሱ 2.25 ይላል

ጠያቂው (ኪቶ፣ ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት ሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ራዲየሱ 6 ሴ.ሜ የሆነ ድፍን ግማሽ ሉል ተሰጥቶ፣ ሴንትሮይዱ ከጠፍጣፋው ፊት ምን ያህል ይርቃል ይላል ጥያቄው። 2.55 ሴ.ሜ አገኘሁ፣ መልሱ ግን 2.25 ነው። ሦስቴ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው 2.55። መልሱ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ? በዚያው የኮኑንም ብትነግሩኝ። ፎርሙላውን መሸምደድ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው የምፈልገው።

የመጋዘን ሰው
ወንድሜ፣ የኮኑ ቀላል ነው፣ 1/3 ነው። እኔ ቡና መጋዘን ነው የምሠራው። ክምሩ ሾጣጣ ሲሆን የወለሉን ስፋት በቁመቱ አባዝተህ ለ3 ታካፍላለህ። ስንት ኩንታል እንደሚወጣው በዓይን ከመገመት ይሻላል። የግማሽ ሉሉን አላውቅም፣ ቡና እንደዚያ አይከመርም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር
የመጋዘኑ ወንድማችን የነገረህ ይዘቱን ነው። ለኩንታሉ ትክክል ነው፣ ለሴንትሮይዱ ግን አይሆንም። ወደ ኮኑ እመለሳለሁ።

ልጄ፣ መልሱ አልተሳሳተም። አንተም ሂሳብ አልሳትክም፣ የሠራኸው የሌላ ነገር ሂሳብ ነው። 2.55ን እንዴት እንዳገኘኸው ባትነግረኝም ገብቶኛል፦ 4 ጊዜ 6፣ ሲካፈል ለ3 ጊዜ 3.1416። እሱ የግማሽ ክብ ነው፣ ከካርቶን በመቀስ ቆርጠህ የምታወጣው። ግማሽ ሉሉን ከጎን አይተህ ደብተርህ ላይ ሳልከው፣ ከዚያ ሥዕሉን ሠራኸው። በማስተማር ዘመኔ ይህን ስህተት ያላየሁበት ዓመት የለም።

ልዩነቱን እንዲህ አስበው። ድፎ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋው ወደ ታች ሆኖ ተቀምጧል። እንደወትሮው ወደ ታች አትቁረጠው። ቢላዋውን አግድም ይዘህ ንብርብር አድርገው። እያንዳንዱ ንብርብር ስስ ክብ ነው። ከጠረጴዛው 5 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ ያለውን ንብርብር ውሰድ። የራዲየሱ ስኩዌር 36 ሲቀነስ 25 ነው፣ 11። ራዲየሱ ራሱ 3.32 ገደማ ይሆናል።

አሁን ካርቶኑን ከዳቦው ጋር አስተያይ። ካርቶኑ ላይ እዚያ ከፍታ ያለው ክር የታችኛውን ክር ስፋት 55 በመቶ ያህል ይዟል። ዳቦው ላይ ግን ንብርብሩ የታችኛውን 31 በመቶ ብቻ ነው፣ 11 ለ36። ለምን? ካርቶኑ ሲጠብ በግራና በቀኝ ብቻ ነው የሚጠበው። ዳቦው ከፊትና ከኋላም ይጠባል። ስለዚህ የዳቦው አናት ከካርቶኑ አናት በጣም ይቀላል፣ የክብደት ማዕከሉም ወደ ታች ይወርዳል። ከ2.55 ወደ 2.25 ያወረደው ይህ ብቻ ነው።

በኢንተግራል ስትጽፈው ከካርቶኑ የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ በ2r ፋንታ πr² ትጽፋለህ።

```
r² = R² − z²
V = ∫ π(R² − z²) dz = 2πR³/3        (z: 0 → R)
M = ∫ z·π(R² − z²) dz = πR⁴/4
z̄ = M/V = 3R/8
```

በአንተ ቁጥር M 324π ነው፣ V 144π። 324ን ለ144 ስታካፍል 2.25 ይወጣል። π ተጣፍቶ ይሄዳል። በድፍን ግማሽ ሉል መልስህ ውስጥ π ቀርቶ ካየህ ካርቶን እየሠራህ ነው ማለት ነው።

አራተኛ ዓመት ነኝ
እኔ ደግሞ ግማሽ ሉል R/2 ነው ብዬ ነው የማውቀው። 3 ሴ.ሜ መሆን ነበረበት። አርኪሜደስ ራሱ ያረጋገጠው ነው፣ እኩል ከፍታ ያላቸው ቀለበቶች እኩል ስፋት አላቸው። ከታች እስከ ላይ እኩል ከሆነ ማዕከሉ መሃል ላይ ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር
ስለ ቀለበቶቹ ያልከው ልክ ነው። ግን እሱ የቆዳው ስፋት ነው። R/2 የሚሆነው ውስጡ ባዶ ለሆነ፣ ስስና ክዳን ለሌለው ግማሽ ሉል ነው። ድፍኑን አርኪሜደስ ለብቻው ሠርቶታል፣ ዘንጉን 5 ለ3 አድርጎ ነው የሚከፍለው፤ 5ቱ በጉልላቱ በኩል፣ 3ቱ በጠፍጣፋው በኩል። ያው 3/8 ነው።

ስለዚህ 2.25 ድፍኑ፣ 2.55 ካርቶኑ፣ 3 ባዶው። ሦስቱም ትክክለኛ ቁጥር ናቸው፣ የሦስት የተለያየ ዕቃ።

ኮኑን በአጭሩ፦ ከጫፉ ጀምረህ ለካ። ከጫፉ y ርቀት ላይ ያለው ክብ ስፋት በy² ነው የሚያድገው። y²ን ስትደምር h³/3 ታገኛለህ፣ y ጊዜ y² ስትደምር h⁴/4። ስታካፍል 3h/4 ከጫፉ፣ ማለትም h/4 ከወለሉ። ብዙ ሰው እዚህ የሚወድቀው 3h/4 አግኝቶ ከወለሉ ነው ብሎ ሲጽፍ ነው። ሾጣጣ ዕቃ ማዕከሉ ከግማሽ በላይ ሊሆን እንደማይችል በዓይን ይታያል።

የሞሰብ ነገር
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ በሰፌድና በሞሰብ ሥራ ነው የምተዳደረው። የሞሰብ ክዳንም ሾጣጣ ነው፣ ስለዚህ ሩብ ላይ ነው ማለት ነው? እኔ ጣቴ ላይ ሳስቀምጠው ከዚያ ከፍ ያለ ይመስለኛል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር
እመቤቴ፣ ጣትዎ አልዋሸም። ክዳኑ ስስ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወለልም የለውም። የእሱ ከአፉ ወደ ላይ ሲሶ ላይ ነው፣ ቁመቱ 30 ሴ.ሜ ቢሆን 10 ላይ። ድፍን ቢሆን 7.5 ነበር። ጫፉ ላይ ጉብ ያለ መያዣ ካለው ደግሞ ትንሽ ከሲሶም ያልፋል። ጎኑ ቀጥ ሳይል የተቆለመመ ከሆነ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም።

አናጺው (ሂርማታ)
እኔ ይህን በክር ነው የማየው። ከዋንዛ ግማሽ ሉል በቶርኖ አውጥቼ ነበር፣ ልክ 6 ሴ.ሜ ራዲየስ። ጠፍጣፋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ምስማር መታሁ፣ በክር ሰቀልኩት፣ ከዚያው ምስማር ቱንቢ አወረድኩ። ጠፍጣፋው ፊት ከቱንቢው ክር ጋር 22 ዲግሪ ሠራ። መምህር፣ ይህ ከእርስዎ ቁጥር ጋር ይገጥማል?

ጡረታ የወጣሁ መምህር
ጥሩ አድርገሃል። ሲንጠለጠል የክብደት ማዕከሉ በትክክል ከምስማሩ ሥር ይሆናል። ስለዚህ የዚያ አንግል ታንጀንት 2.25 ለ6 ነው፣ 20.6 ዲግሪ። ካርቶን ቢሆን 23 ይሆን ነበር። አንተ መሃል ላይ ነህ፣ 22 ዲግሪ 2.42 ሴ.ሜ ይሰጣል። በፕሮትራክተር 1 ዲግሪ መሳት ቀላል ነው፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ልኬት አትፍረድ። ጠርዙ ላይ አራት ቦታ ምስማር ለውጠህ ለካና አማካዩን ውሰድ። አራቱ ከተለያዩ እንጨቱ በአንድ ጎን ይከብዳል። አራቱም 22 ከሆኑ ግን ጉልላቱ ከታችኛው ክፍል ከብዷል ማለት ነው፣ ይህን አማካይ አያስተካክለውም።

አናጺው (ሂርማታ)
አራቱንም ለካሁ። 22፣ 21.5፣ 22፣ 22.5። ጠፍጣፋው ፊት በልጡ በኩል የነበረው ነው፣ ጉልላቱ በግንዱ ልብ በኩል። የልቡ እንጨት ይከብዳል። ግን እንጨቱ ገና በደንብ ሳይደርቅ ነው የሠራሁት፣ እርጥበቱ ይሆን ልቡ ይሆን ለመለየት አልቻልኩም።

አራተኛ ዓመት ነኝ
ምስማሩ ራሱስ አይከብድም?

አናጺው (ሂርማታ)
የጫማ ምስማር ናት። ደግሞ ከክሩ ሥር ናት፣ እሷ አታዞረውም።

ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ። ለልጆች መጫወቻ እየሠራሁ ነው። ታች ግማሽ ሉል፣ ላይ ኮን፣ ስትገፋው ተመልሶ የሚቆም። 6 ሴ.ሜ ራዲየስ አድርጌ ኮኑን 12 ቁመት ሰጠሁት፣ ከአንድ እንጨት። አልቆመም፣ ተጋደመ። ኮኑን ምን ያህል ላሳጥረው?

ጡረታ የወጣሁ መምህር
ይህቺ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ጉልላቱ ወለል ላይ ሲንከባለል ወለሉ የሚገፋው ሁልጊዜ በሉሉ ማዕከል በኩል ነው፣ ማለትም ሁለቱ ዕቃ በሚጋጠሙበት ፊት መሃል በኩል። የጠቅላላው ማዕከል ከዚያ ፊት በታች ከሆነ ይመለሳል። ከላይ ከሆነ ይወድቃል። እንግዲህ ከመጋጠሚያው ጀምረን የሁለቱን ሞመንት እናወዳድር።

```
ኮኑ ወደ ላይ:     (πR²h/3)·(h/4)  = πR²h²/12
ግማሽ ሉሉ ወደ ታች: (2πR³/3)·(3R/8) = πR⁴/4
እኩል ሲሆኑ:      h² = 3R²,  h = 1.73R
```

በአንተ ራዲየስ 10.4 ሴ.ሜ ነው ጣሪያው። 12 ስታደርገው የኮኑ ወገን 12 ነው፣ የሉሉ ወገን 9፤ ለዚህ ነው የተጋደመብህ። 10 ብታደርገው በወረቀት ላይ ይቆማል፣ ነገር ግን ማዕከሉ ከመጋጠሚያው በታች የሚሆነው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው። ያ ያንተ ዋንዛ ይበላዋል። 9 ካደረግከው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትተርፋለህ።

ጠያቂው (ኪቶ፣ ጅማ)
ገባኝ መምህር፣ 2r ነበር የጻፍኩት። ግን አንድ ነገር፦ አናጺው ከባዱ የልብ እንጨት በጉልላቱ በኩል ነው ካሉ፣ ለመጫወቻው ያ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም፣ አይደል? ታች ይከብዳልና።

ጡረታ የወጣሁ መምህር
ከአንድ ግንድ ጎን ለጎን ካወጣው አዎ፣ ይጠቅማል። ኮኑ ግን ከዚያው እንጨት እስከ ልጡ ድረስ ከወጣ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፣ ላዩ ይቀላልና። በተቃራኒው ከገጠመ ነው የሚያስፈራው። እንጨቱን እንዴት አድርጎ ቶርኖ ላይ እንዳሠረው እሱ ነው የሚያውቀው።

አናጺው (ሂርማታ)
ግንዱን ቁመቱን ይዤ ነው ያሠርኩት፣ ልቡ በዘንጉ መሃል ይሄዳል። የመጫወቻው እንደ መጀመሪያው ግማሽ ሉል አይደለም። ያኔ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ማለት ነው። ለማንኛውም 9 አደርገዋለሁ፣ ሐሙስ ገበያ ከመውጣቴ በፊት ሠርቼ እነግራችኋለሁ።