ዕድር ላይ ንግግሬን በምን ልጀምር? መጀመሪያዋ ግማሽ ደቂቃ እያመለጠችኝ ነው

ነርሷ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። የሰፈራችን ዕድር በሚመጣው እሑድ ስለ ደም ግፊት እንድናገር 8 ደቂቃ ሰጥቶኛል። የምገባው ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ ነው፣ ሰው ደክሞት። ባለፈው ስለ ስኳር ስናገር ገና ወደ ጉዳዩ ሳልገባ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ፣ ግማሹ የጎን ወሬ ይዞ ነበር። የጀመርኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ለሰጡኝ ለዕድራችን አመራሮች ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በዛሬው ዕለት በአገራችን እየተስፋፋ ከመጡት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መካከል አንዱ ስለሆነው ስለ ስኳር በሽታ አጠር ያለ ማብራሪያ ለመስጠት ነው የቆምኩት።» ቀልድ አይሆንልኝም። ተነሱ፣ አጨብጭቡ ማለትም አልወድም። ሰው ጆሮውን እንዲሰጠኝ በምን ልጀምር?

የማራኪ ልጅ

ተረትና ምሳሌ የሚያህል የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለሽ ግቢ። ለጤና ልክ ነው፣ ትልልቅ ሰዎችም ደስ ይላቸዋል።

ጡረተኛው መምህር

የማራኪው ልጅ፣ ተረቱ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። «ሳይቃጠል» ስትል ቤቱ ሙሉ «በቅጠል» ይልልሃል። የሚያውቁትን ሰሙ፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ምክር ገመቱት። በመሐል፣ ነገሩ ከገባቸው በኋላ ሲመጣ ነው የሚጣፍጠው።

ልጄ፣ የአንቺን ዓረፍተ ነገር ቆጠርኩት። 30 ቃል ነው። «ስኳር» የምትለው 23ኛዋ ላይ ናት። ድምፄን ከፍ አድርጌ በስብሰባ ፍጥነት አነበብኩት፣ 20 ሰከንድ ያህል ፈጀብኝ። እንግዲህ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ምን እንደምታወሪ ሳያውቅ ነው የተቀመጠው።

ምስጋናው ብቻ አይደለም ጥፋቱ። በአማርኛ ማሰሪያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ስለሆነው»፣ «እያቀረብኩ»፣ «ከመጡት» እያልሽ በደረደርሽ ቁጥር ሰሚው ሁሉንም ተሸክሞ ማሰሪያውን ይጠብቃል። በጽሑፍ ቢሆን አይን ተመልሶ ያነባል። ጆሮ ግን አይመለስም፤ ሲደክመው ይተወዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አምስት፣ ስድስት ቃል ላይ እሰሪያት። ሁለተኛዋም ከአሥር አትብለጥ። ከዚያ በኋላ እንደልብሽ አርዝሚ፣ ጆሯቸውን ሰጥተውሻል።

ሰላምታው ግን አይቀርም። «እንዴት አደራችሁ» በይና ዝም በይ። «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ምላሹ እስኪያበቃ ጠብቂ፣ በልብሽ ሁለት ቁጠሪ፣ ከዚያ ጀምሪ። ብዙ ሰው በምላሹ ላይ ደርቦ ይጀምርና የመጀመሪያ ቃሉ ጫጫታው ውስጥ ይቀራል።

እትዬ ቡናዬ

አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔም የማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለብ ያለ ውኃ ጠጪ፣ አንድ የምታውቂውን ፊት እያየሽ ተናገሪ።

ነርሷ ከአዘዞ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፍርሃቱ እንኳን ብዙም የለብኝ፣ ሰው አለመስማቱ ነው የቸገረኝ።

መምህር፣ እንዳሉኝ አሳጥሬ አንድ ነገር አሰብኩ። የምንሰበሰበው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። «ይህን ድንኳን ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተከልነው?» ብዬ ብጀምርስ? ቁጥሩን ከመዝገብ አገኛለሁ።

አስጎብኚ ነኝ

ፊታቸው ያለውን ነገር መያዝሽ ትክክል ነው። እኔ ፋሲል ግቢ ውስጥ ሰው አስጎበኛለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ አድርገው…» ብዬ ነበር የምጀምረው። ዓመቷን ስጠራ አይናቸው ይርቃል። በተለይ የእኛው የጎንደር ተማሪዎች፣ ግንቡን በየቀኑ እያዩ ያደጉ ስለሆኑ «እናውቃለን» የሚል ፊት ነው የሚያሳዩኝ። አሁን አፄ ኢያሱ ግንብ ጋ አቆማቸውና «ቀና በሉ፣ ጣሪያ የለውም» እላለሁ። አራት ቃል ናት። ሁሉም ቀና ይላል፣ አንዱ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጡን፣ ጣሊያን ግቢውን ይዞ በነበረበት ጊዜ የወደቀውን የእንግሊዝ ቦምብ እነግራቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ያኔ ራሳቸው ይጠይቁኛል።

የዕድር ጸሐፊ

እህቴ፣ የድንኳኑን ነገር ተይው። እኔ መዝገቡን የምይዝ ሰው ነኝ። ድንኳኑ ለለቅሶ ነው የሚተከለው፣ ገና አርባ ያላወጣ ሰው ፊት ለፊትሽ ይቀመጣል። ያ ሰው እናቱን ቆጠርሽበት። ሌላው ደግሞ፣ የሞቱት ሁሉ በግፊት ነው የሞቱት? አይደለም። አንዱ ተነስቶ «የእኛው በመኪና አደጋ ነው» ቢልሽ ምን ትመልሻለሽ?

ሌላ ነገር ደግሞ፦ ሰብሳቢውንና የንስሐ አባታችንን ስም ሳትጠሪ አትጀምሪ። እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው።

ጡረተኛው መምህር

ስለ ድንኳኑ ጸሐፊው ልክ ናቸው። እኔም ሳነበው ወድጄው ነበር፣ ሐዘንተኛው አልታየኝም።

ስለ ስም መጥራቱ ግን አልስማማም። መድረክ መሪው ሁሉንም ጠርቷል፣ አንቺ ስትደግሚው ያው 20 ሰከንድ ይሄዳል። ለሰላምታው ዝቅ ብለሽ እጅ ንሺ። ስማቸውን ከታሪክሽ በኋላ፣ ምክር ስትሰጪ ጥሪው። «አባታችንም ይለኩ» ስትይ ያኔ ክብሩም ሥራ ይሠራል።

አሁን አንድ ልጠይቅሽ። አንቺ ራስሽ ግፊትን መፍራት የጀመርሽው መቼ ነው? ትምህርት ቤት ነው ወይስ አንድ ሰው አይተሽ?

ነርሷ ከአዘዞ

አባቴን አይቼ ነው። ዛሬ ማታ እሱን ራሱን «ልናገረው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ «ተናገሪ፣ እኔም እመጣለሁ» አለኝ። እንዲህ ጻፍኩት፦

«አባቴ ራሴን አመመኝ ብሎ አያውቅም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ጠዋት ቡና ሲጠጣ ሲኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግፊቱ 190 በ110 ነበር። ከዚያች ቀን በፊት ተለክቶ አያውቅም። እኔ ልጁ ደግሞ ነርስ ነኝ።»

ከዚያ «ይህ የዛሬው ርእሴ የደም ግፊት ነው፣ ዝምተኛው ገዳይ የሚባለው» ብዬ ልቀጥል።

ጡረተኛው መምህር

የመጨረሻዋን መስመር ሰርዣት። «ዝምተኛው ገዳይ» ሬዲዮ ላይ መቶ ጊዜ ሰምተውታል፤ ደግሞም ዝም ማለቱን በመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አሳይተሻል። «ነርስ ነኝ» ካልሽ በኋላ ትንፋሽ ያህል ዝም በይና በቀጥታ «እዚህ ካለነው ሳንለካ ዓመት ያለፈን አለን» ብለሽ ግቢ። እጅ አታስነሺ። ሽማግሌ በሰው ፊት እጁን አያነሳልሽም፣ ዝም ሲሉ ደግሞ አንቺ ትደነግጫለሽ።

ወረቀት አይተሽ አታንብቢው። እነዚህን ስድስቱን ብቻ በቃል ያዣቸው፣ የቀረውን እያየሽ ብትናገሪ ችግር የለውም። ልምምዱንም በመስታወት ፊት አይደለም። ቤት ውስጥ እጁ ሥራ ላይ ላለ ሰው ተናገሪው። እጁ ካቆመ ሠርቷል፣ ካላቆመ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ልብ በይ።

የማራኪ ልጅ

ማይኩንም «ሃሎ ሃሎ፣ ይሰማል?» ብለሽ አትጀምሪ፣ ሰው ሳይገባ ሞክሪው። እኔ የእህቴ ሠርግ ላይ ንግግሬ ያቺው «ሃሎ ሃሎ» ብቻ ሆና ቀረች።

ነርሷ ከአዘዞ

እህቴ ምስር ስትለቅም ነገርኳት። ሲኒው ላይ እጇ ቆመ። «190 በ110» ስል ግን ተመልሳ መልቀም ጀመረች፣ ቁጥሩ ምንም አላላትም። ስለዚህ «140 በ90 ሲደርስ ከፍተኛ ይባላል፣ የአባቴ 190 በ110 ነበር» አልኩት። ረዘመ፣ ግን ቀና ብላ አየችኝ። በስልክ ስለካው 29 ሰከንድ ሆነ።

ስም የመጥራቱን ነገር አልወሰንኩም። መምህር ያሉት ይገባኛል፣ ጸሐፊው የሚሉት ደግሞ የሰፈሬ ነገር ነው። ቅዳሜ ለሰብሳቢያችን ደውዬ፣ መድረኩን ሲሰጡኝ እሳቸው ራሳቸው አባን እንዲጠሩልኝ እለምናለሁ።

የዕድር ጸሐፊ

እሳቸው ከጠሩልሽ እኔም ቅር አይለኝም። ዛሬውኑ ደውይ ግን፣ ቅዳሜ ገበያ ናቸው።