አዲስ ገቢን «የቤት ቁጥርዎን ይጻፉ» ማለት ልክ ነው?

ጠያቂው አድሚን፦ የሰፈራችን የዋትሳፕ ግሩፕ 180 አባላት አሉት። ለአዲስ ገቢ የምልከው መልእክት «እንኳን ደህና መጡ። እባክዎ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ብዛት ጽፈው ራስዎን ያስተዋውቁ» ይላል። አንድ አባል ይሄ ልክ አይደለም አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ጎረቤት ነኝ፦ ምን ክፋት አለው? ማን እንደገባ ካላወቅን ምኑን ጎረቤት ሆንን? እኛ ጋ ስሙን ሳይጠየቅ የገባ አንድ ሰው ስድስት ወር ሙሉ አብሮን ሲያወራ ከረመ። በኋላ ሲጣራ ሰፈሩን ረግጦት አያውቅም። ሊንኩን ከዘመዱ ስልክ ነው ያገኘው።

የሰባት ዓመት አድሚን፦ ወንድሜ፣ ያ ሰውዬ «እገሌ ነኝ፣ ቤት ቁጥር 9» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ታምነው አልነበር? ግሩፕ ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንንም አያጣራም። ማጣራት ሳይገባ በፊት ነው። ሴቲንግ ውስጥ አዲስ አባል በአድሚን ፈቃድ ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ታበራለህ። ጥያቄው ሲመጣ በግል «ከየትኛው ቤት ነዎት? ከጎረቤት ማን ያውቅዎታል?» ትላለህ። ለዚያ ጎረቤት ትደውላለህ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የተበተነውን ሊንክ ደግሞ ሪሴት አድርገው፤ አሮጌው ያኔ መሥራቱን ያቆማል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እኔም እንደ ጠያቂው ዓይነት መልእክት ነበረኝ። አንዲት አዲስ ገቢ ቃሌን አክብራ እንዲህ ጻፈች፦ «ሰላም ጎረቤቶች፣ ከቤት ቁጥር 14 ነኝ። ባለቤቴ እስከ ወሩ መጨረሻ ለሥራ ሄዷል፤ አሁን እኔና ሁለት ልጆቼ ነን።» አርባ ሰው ልብ ሰጣት። እኔም ሰጠኋት። ማታ ተኝቼ ነው የበራልኝ። ብቻዋን መሆኗን፣ እስከ መቼ እንደሆነና በሯ የቱ እንደሆነ ለመቶ ምናምን ሰው አስነገርኳት። እሷ ምን አጠፋች? የጠየቅኳት እኔ።

ስልክ አዋቂ፦ ታዲያ አጥፋው! አድሚን የማንንም መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ይችላል። ደግሞ ዋትሳፕ ላይ ኋላ የገባ ሰው፣ አባል ካላጋራው በቀር፣ የድሮውን ወሬ አያይም። ተረጋጉ።

የሰባት ዓመት አድሚን፦ ግማሹ ልክ ነው። ማጥፋቱ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ከሁለት ቀን ብዙም አያልፍም። እስከዚያ ያነበበ አንብቧል፣ ስክሪንሾት ያነሳም አንስቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ የሚገባው ሳይሆን የሚወጣው ነው። ከሰፈር የለቀቀን ሰው ከግሩፑ ብታስወጣው እንኳ የድሮው ቻት ስልኩ ላይ ይቀራል።

አዲስ ተከራይ፦ የኔ ነገር ትንሽ ይለያል። እኔ የገባሁበት ግሩፕ «ባለቤት ነዎት ወይስ ተከራይ?» ይል ነበር። ተከራይ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ስለ አጥር ጥገና አስተያየት ስሰጥ «አንቺ እኮ ተከራይ ነሽ» ተባልኩ። ጥያቄው ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር።

ስቲከር የሰለቸው፦ ስለ እንኳን ደህና መጣህ ካነሳችሁ አይቀር፣ እባካችሁ ሃምሳ ሰው ተራ በተራ ስቲከር መላኩን አስቁሙልን። ባለፈው ነገ ውሃ ይቋረጣል የሚለው ማስታወቂያ በአበባ ተቀብሮ ጀሪካን ሳልሞላ አደርኩ።

ጠያቂው አድሚን፦ ስቲከሩ ሌላ ቀን ይሁንልን። እሺ፣ መልእክቱን እንዴት ላስተካክለው?

የሰባት ዓመት አድሚን፦ እኔ አሁን የምልከው ይሄን ነው፦

«እንኳን ደህና መጡ። ይህ ግሩፕ ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለጥበቃና ለጠፋ ዕቃ ነው። ስልክ ቁጥርዎ ለአባላቱ ሁሉ ይታያል። የቤት ቁጥርዎን ለአድሚን በግል ብቻ ይላኩ። ቤት የማይኖሩበትን ቀን እዚህ አይጻፉ።»

ስልክ ቁጥሩን የሚመለከተው መስመር ከመግባታቸው በፊት በግልም ይላክላቸው። ከገቡ በኋላ ሲነገራቸው ቁጥራቸው ታይቷል። ይሄንኑ ጽሑፍ የግሩፑ መግለጫ ላይም አስቀምጠው። ፒን ብታደርገው ቢበዛ 30 ቀን ነው፣ ከዚያ ይወርዳል።

ጎረቤት ነኝ፦ የቤት ቁጥሩን ተቀበልኩ። ስም ግን አይቅር! ከማን ጋር እንደማወራ ሳላውቅ ሌባ ታየ ሲባል ማንን ልመን? እንዲህ ከሆነ የሁሉንም ቤት የሚያውቀው አድሚኑ ብቻ ሊሆን ነው። እሱንስ ማን ያጣራዋል?

የሰባት ዓመት አድሚን፦ እሱ ጥያቄ ነው። እኛ ሁለት አድሚኖች ነን፤ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ነው፣ የለቀቀውን እንሰርዛለን። ሙሉ መልስ ነው አልልም።

ጠያቂው አድሚን፦ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ብዛት ዛሬ ማታ ይወጣሉ። የመጠሪያ ስም ለጊዜው ይቆያል፣ ያባት ስም ግን ይቅር። አሁን ወደ ላይ ተመልሼ የድሮ ትውውቆችን እያየሁ ነው። ሦስት ሰው የልጆቹን ትምህርት ቤት ሳይቀር ጽፏል። ለማጥፋት ሞከርኩ፤ ጊዜው አልፏል።